አረጋዊ ዘመድን በዋይፋይ የቪዲዮ ጥሪ ማስተማር

እቴቴ የእናቴ ታላቅ እህት ናቸው። ዕድሜያቸው 74 ነው። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ከትንሹ ልጃቸው ጋር ይኖራሉ፤ ትልቋ ልጃቸው ሜሪላንድ ናት። ቤቱ ውስጥ ዋይፋይ አለ። እንዲያም ሆኖ በወሩ መጀመሪያ የተገዛላቸው 2 ጊጋባይት ጥቅል በስድስተኛው ቀን አለቀ፤ ቀጥሎም የተሞላላቸው ካርድ ተሟጠጠ። «እኔ እኮ ምንም አልነካሁም ልጄ» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር፤ የሠራው ስልኩ ራሱ ነው።

ስልክ ዋይፋይ ሲያጣ ዝም ብሎ ወደ ሞባይል ዳታ ይሻገራል። የካ አባዶ ማታ መብራት ሲሄድ ራውተሩ ይጠፋል፤ የቪዲዮ ጥሪው ግን አይዘጋም። ምስሉ ለጥቂት ሰከንድ ይደርቅና ተመልሶ ይቀጥላል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ወጪው ከጥቅሉ ነው። ለእቴቴ ግን ምንም የተለወጠ ነገር የለም፤ ልጃቸው አሁንም ስክሪኑ ላይ ናት። ስለዚህ «ቤት ስትሆኑ በዋይፋይ ተጠቀሙ» ብሎ መምከር አይበቃም። ስልኩ በራሱ እንዳይሻገር መዝጋት፣ ለእሳቸውም ዋይፋይ መኖሩን የሚያዩበትን አንድ ምልክት ማሳየት ያስፈልጋል። ከዚህ በታች ያለው እኔ ያደረግሁት ነው። ስልኩ አንድሮይድ፣ መተግበሪያው ዋትስአፕ ነው።

አስቀድሞ ግን በወዲያኛው ጫፍ ያለው ሰው የት አገር እንደሆነ አረጋግጡ። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ውስጥ ላለ ልጅ የዋትስአፕ ጥሪ እንደማይሠራ ብዙዎች በተግባር ያውቁታል፤ እዚያ ያሉት ሌላ መተግበሪያ ይጠቀማሉ። እናንተ ከመወሰናችሁ በፊት ልጁን ወይም ልጅቷን «የምትደውሉት በምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ለአንድ አረጋዊ ሁለት መተግበሪያ ማስተማር አንዱንም አለማስተማር ነው፤ የሁለቱ አዝራሮች በሳምንት ውስጥ ይደበላለቁባቸዋል።

ዳታው የት እንደሄደ እዩ

ማንንም ከመውቀሳችሁ በፊት ለኩ። «Settings» ውስጥ «Network & internet» የሚለውን ክፈቱ፤ ሳምሰንግ ላይ «Connections» ይላል። እዚያ የዳታ አጠቃቀም የሚያሳየው ገጽ እያንዳንዱ መተግበሪያ በሞባይል ዳታ ስንት እንደበላ በቅደም ተከተል ያወጣዋል። በእቴቴ ስልክ ላይ ዋትስአፕ ብቻውን 1.6 ጊጋባይት ወስዶ ከሁሉም በላይ ተቀምጦ ነበር። ቀጥሎ የመጣው መተግበሪያዎችን የሚያድሰው «Play Store» ነው።

ከዚያ ዋትስአፕ ውስጥ የጥሪዎችን ዝርዝር ከፍታችሁ የአንዱን ጥሪ ዝርዝር መረጃ ንኩ። ስንት ደቂቃ እንደቆየና ስንት ሜጋባይት እንደወሰደ ተጽፎ ታገኛላችሁ። ብዙ ሰው ይህን ቦታ አያውቀውም፤ ሙሉውን ምስጢር የሚገልጠው ግን እሱ ነው። አንዱ የእቴቴ ጥሪ 21 ደቂቃ ቆይቶ 112 ሜጋባይት ወስዷል። በደቂቃ ከ5 ሜጋባይት ትንሽ ይበልጣል ማለት ነው። በዚህ ሂሳብ 2 ጊጋባይት ስድስት ሰዓት ተኩል እንኳ አያስወራም። የእናንተ ቁጥር እንደ ስልኩና እንደ ኔትወርኩ ጥራት ከዚህ ሊያንስም ሊበልጥም ስለሚችል የራሳችሁን ጥሪ ከፍታችሁ አካፍሉ።

በእነዚያ ስድስት ቀናት ሦስት ማታ መብራት ሄዶ ነበር። የሦስቱን ማታ ጥሪዎች ስደምር 700 ሜጋባይት ገደማ ሆነ። የቀረው 900 ሜጋባይት ከየት መጣ? ከቤተ ዘመድ ቡድን። ስብከት፣ የሰርግ ቪዲዮ፣ የሕፃናት ጭፈራ፤ እቴቴ ከፍተው ያዩትም ያላዩትም በሞባይል ዳታ ራሱ ይወርድ ነበር። አንድ ጊዜ ማን እንደነካው የማናውቀው ቅንብር ነው።

ስልኩን ለብቻችሁ አዘጋጁት

ይህን ሥራ እሳቸው አጠገባችሁ ተቀምጠው እያዩ አትሥሩት። አሥር ገጽ ሲከፈትና ሲዘጋ ያየ ሰው «ይህን ሁሉ እኔ የት አውቄው» ብሎ ገና ሳይጀምር ይሸሻል። ስልኩን ተቀበሏቸውና አንድ ሰዓት ያህል ሌላ ክፍል ውስጥ ሥሩበት።

ከዋይፋዩ ጀምሩ። ብዙ ራውተሮች ሁለት ስም ያወጣሉ፤ አንደኛው ተራ ስም ሲሆን ሁለተኛው መጨረሻው ላይ «5G» የሚል ይጨመርበታል። ይህ ከሞባይል አምስተኛ ትውልድ ኔትወርክ ጋር ግንኙነት የለውም፤ የዋይፋዩ የሞገድ ዓይነት ነው። ያ ሞገድ ፈጣን ነው፤ የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ሲገጥመው ግን ቶሎ ይደክማል። ተራው ስም በግድግዳ በኩል የተሻለ ስለሚያልፍ የእቴቴን ስልክ ከእሱ ጋር አገናኘሁት። ሌላውን ስም ተጭኜ «Forget» አልኩት፤ ስልኩ በሁለቱ መካከል እንዳይዋልል። የጎረቤት ዋይፋይ ተመዝግቦ ከነበረም እንዲሁ አድርጉት።

ራውተሩ በልጁ መኝታ ክፍል ከኮምፒውተሩ ጀርባ ወለል ላይ ነበር። እቴቴ የሚያወሩት ሳሎን ሶፋው ላይ ተቀምጠው ነው። በመካከሉ ሁለት ግድግዳ አለ። ሶፋው ላይ ሆኜ ስልኩን ስመለከት የዋይፋዩ ምልክት ከግማሽ በታች ነበር። ራውተሩን ወደ ሳሎን አውጥተን ቡፌው ላይ ስናስቀምጠው ሞላ። ለዚህ የሚያስፈልገው ረዘም ያለ ገመድ ብቻ ነው፤ የገመዱን ዋጋ ጥሪው በሁለት ቀን ይመልሰዋል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ከተማው ዳር ላይ የመስመር ኢንተርኔት ያልደረሰበት ሰፈር ብዙ ነው። እዚያ «ዋይፋይ» የሚባለው ሲም ካርድ የገባበት ትንሽ መሣሪያ ወይም የልጁ ስልክ የሚያሠራጨው ሊሆን ይችላል። ያ በዋይፋይ ስም የመጣ የሞባይል ዳታ ነው። ለእናንተ ቤት ይህ ከሆነ ጥቅሉ ያልተገደበ መሆን አለመሆኑን ጠይቁ። የተገደበ ከሆነ ዋትስአፕ ውስጥ «Settings»፣ ከዚያ «Storage and data» ገብታችሁ «Use less data for calls» የሚለውን አብሩት። ምስሉ ትንሽ ይደበዝዛል፤ ወጪው ግን ይቀንሳል። የመስመር ኢንተርኔት ያልተገደበ ከሆነ ግን አጥፉት። እቴቴ የልጅ ልጃቸው ጥርስ ማብቀሏን ማየት ይፈልጋሉ፤ በደበዘዘ ምስል ጥርስ አይታይም።

ቀጥሎ የሞባይል ዳታውን አጥፉት። ለአንድ ሰዓት ሳይሆን በቋሚነት። የዚህ ሁሉ ሥራ ቁልፉ ይህ ነው። ስልኩ የሚሻገርበት ስለሌለው መብራት ሲሄድ ጥሪው ይቆማል፤ መቆሙም ለእቴቴ መልእክት ነው። ቤተሰቡ በዚህ ጊዜ ይደነግጣል፦ «ታዲያ ስንደውልላቸው አይገኙም ማለት ነው?» ይገኛሉ። ተራ የስልክ ጥሪና አጭር የጽሑፍ መልእክት ከሞባይል ዳታ ጋር አይያያዙም። ከባንክ የሚመጣው መልእክትም ይደርሳል። የማይደርሰው ዋይፋይ በሌለበት የሚመጣ የዋትስአፕ ጥሪና መልእክት ነው፤ የቪዲዮ ጥሪ ደግሞ ታክሲ ውስጥ ባይመጣ ይሻላል።

እዚያው «Storage and data» ገጽ ላይ «Media auto-download» የሚል ክፍል አለ። «When using mobile data» የሚለውን ከፍታችሁ በፎቶ፣ በድምፅ፣ በቪዲዮና በሰነድ ላይ ያለውን ምልክት ሁሉ አንሱት። ዳታው ከጠፋ ይህ ለምን አስፈለገ ብትሉ፣ አንድ ቀን አንድ ሰው ዳታውን ማብራቱ አይቀርም፤ ያን ቀን የሰርጉ ቪዲዮ ሁሉ አንድ ላይ እንዳይጎርፍ ነው። «Play Store» ውስጥም «Settings»፣ «Network preferences»፣ «Auto-update apps» ብላችሁ «Over Wi-Fi only» የሚለውን ምረጡ።

አሁን ስክሪኑን ባዶ አድርጉት። ከልጅቷ ጋር የሚጻጻፉበትን ገጽ በዋትስአፕ ክፈቱ፣ ላይኛው ጥግ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ንኩ፣ «More» ከዚያ «Add shortcut» በሉ። የልጅቷ ፎቶ በስልኩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይወጣል። ሌላውን ሁሉ ከዚያ ገጽ አንሡ፤ የስልክ መደወያውንና የልጆቹን ፎቶዎች ብቻ አስቀሩ። እቴቴ ከዚያ በኋላ ዋትስአፕ የሚባል ነገር መፈለግ የለባቸውም። ልጃቸውን ይነካሉ፣ ልጃቸው ትከፈታለች። ፎቶው ፊቷ ጎልቶ የሚታይበት ይሁን፤ የእሷ የነበረው አበባ ስለሆነ እንድትለውጠው ጠየቅኋት።

በመጨረሻ ፊደሉን አተልቁ፣ የጥሪውን ድምፅ እስከ ጫፍ ከፍ አድርጉ፣ የስልኩን ቋንቋም ወደ አማርኛ ለውጡ። ቋንቋውን መጨረሻ ላይ ያደረግሁት ከላይ የጠቀስኳቸውን ስሞች ስፈልግ እንዳልቸገር ነው። እቴቴ ፊደል የቆጠሩት በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፤ ቀስ ብለው ያነባሉ። ስልኩ «ቅንብሮች» ብሎ ሲያናግራቸው ፊታቸው በራ። ዋትስአፕ ውስጥ ያለው ጽሑፍ እንግሊዝኛ ሆኖ ቢቀር አትጨነቁ፤ የምታስተምሩት በምስልና በቀለም ነው።

መቀበል ይቅደም

ብዙ ሰው መደወልን አስቀድሞ ያስተምራል። እኔ መቀበልን አስቀደምኩ፤ ምክንያቱም ከአሥር ጥሪ ዘጠኙን የምትደውለው ልጅቷ ናት። ከዚህም ሌላ መቀበል አንድ እንቅስቃሴ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ግን ስልኩ ወጥመድ አለው። ስክሪኑ ጠፍቶ ሳለ ጥሪ ሲመጣ መላው ስክሪን ይሞላና አረንጓዴውን ክብ ወደ ላይ መግፋት ያስፈልጋል። ስክሪኑ በርቶ ሳለ ሲመጣ ደግሞ ከላይ ጠባብ ሳጥን ብቻ ይወጣል፤ እሱ የሚነካ እንጂ የሚገፋ አይደለም። ለእኛ ሁለቱም አንድ ነው። ለእቴቴ ግን ትናንት የተማሩት ዛሬ የማይሠራ ሆኖ ይታያቸዋል፤ «ተበላሸ» ብለው የሚደውሉላችሁም በዚህ ነው። እኔ ያገኘሁት መፍትሔ አንዱን መልክ ብቻ ማስተማር ነው፦ ስልኩን ተጠቅመው ሲጨርሱ የጎኑን አዝራር ተጭነው ስክሪኑን አጥፍተው ያስቀምጡታል። ጥሪ ሁልጊዜ በትልቁ መልክ ይመጣል።

የጣት ነገር ጊዜ ይወስዳል። በዕድሜ የገፉ ሰዎች ስክሪኑን እንደ በር ደወል ተጭነው ይቆያሉ። ስልኩ ረጅም መጫንን እንደ ሌላ ትእዛዝ ስለሚቆጥረው ፎቶው ከቦታው ይንቀሳቀሳል ወይም ያልታሰበ ዝርዝር ይከፈታል። «እቴቴ፣ የጋለ ጀበና እንደሚነኩት ንኩትና ጣትዎን ያንሡ» አልኳቸው። ወዲያው ገባቸው። ወደ ላይ መግፋቱን ደግሞ «ምጣድ እንደሚያስሱ» ብዬ አሳየኋቸው፤ ጣታቸው ሳይነሣ፣ ሳይጫን፣ በአንድ ጉዞ። ከዚያ በኋላ እጃቸውን ይዤ መምራት አላስፈለገኝም። እጃቸውን ይዛችሁ ባትመሩ ይመረጣል፤ ስልኩን እናንተ ስትነኩት ተማሪው እናንተ ትሆናላችሁ።

ልምምዱን ከሌላ ክፍል እየደወላችሁ አድርጉ። እኔ ከኩሽና አምስት ጊዜ ደወልኩ። በሁለተኛው ላይ ስልኩን ወደ ጆሯቸው ወሰዱት፤ ስክሪኔ ላይ የታየኝ ጆሮና ሻሽ ነበር። የስድሳ ዓመት ልማድ ስለሆነ በቃል አይታረምም። ስልኩን ስኳር ዕቃው ላይ አስደግፈን ጠረጴዛው ላይ አቆምነው፤ እጅ ያልያዘው ስልክ ወደ ጆሮ አይሄድም። ጀርባቸው ወደ መስኮቱ ከሆነ ፊታቸው ይጠቁራል፤ ስለዚህ መስኮቱን ፊት ለፊት እንዲያዩ ሶፋውን አዞርነው። ያቺ ቦታ የጥሪ ቦታ ሆና ቀረች፤ ዋይፋዩም ሙሉ ሆኖ የሚገኘው እዚያ ነው።

መዝጋት ብዙዎች የሚዘሉት ትምህርት ነው። እቴቴ «ቻው» ብለው ስልኩን በፊቱ ደፍተው ይነሡ ነበር። ጥሪው ግን አልተዘጋም። ወደ ኋላ የሚመልሰውን አዝራር ቢነኩም አይዘጋም፤ ወደ ትንሽ መስኮት ተቀንሶ ይቀጥላል። ቀዩን ክብ አሳየኋቸው፤ ካልታየ ስክሪኑን አንዴ ሲነኩት ብቅ ይላል። እንዲያም ሆኖ ከልጅቷ ጋር ስምምነት አደረግን፦ ሁልጊዜ የምትዘጋው እሷ ናት። አንደኛው ጫፍ ከዘጋ ሁለቱም ይዘጋል።

መደወሉን በሦስተኛው ቀን አስተማርኩ። የልጅቷን ፎቶ መንካት፣ ከዚያ ላይ ያለውን የካሜራ ምልክት መንካት። አንዳንድ ስልክ ላይ «በእርግጥ ልደውል?» የሚል ትንሽ ሳጥን ይወጣል፤ የእናንተ ላይ ከወጣ የትኛውን ቃል እንደሚነኩ በቦታው አሳዩ። ሁለቱን እርምጃዎች በትልቅ ፊደል ወረቀት ላይ ጽፌ፣ የካሜራውን ምልክትም ሥዬ፣ ቡፌው መስታወት ላይ ለጠፍኩት።

ምልክቱን ማየት

ስክሪኑ አናት ላይ ያለውን የዋይፋይ ምልክት እቴቴ ራሳቸው «ዣንጥላ» ብለው ሰየሙት። እኔም ስሙን ወሰድኩት። ሕጉ አንድ ነው፦ ዣንጥላው ካለ በቪዲዮ ይደወላል፤ ከሌለ አይደወልም።

ይህን በቃል ብቻ አትንገሯቸው። አብረን ራውተሩን ከሶኬት ነቀልን፤ ዣንጥላው ሲጠፋ አዩት። መልሰን ሰካን፤ እስኪመለስ አራት ደቂቃ ያህል ጠበቅን። መጠበቁ ራሱ ትምህርት ነው፤ መብራት እንደመጣ ወዲያው ሞክረው «አልሠራም» የሚሉት ራውተሩ ተነሥቶ እስኪገናኝ ጊዜ እንደሚወስድ ስለማያውቁ ነው። አሁን መብራት ሲመጣ መጀመሪያ ቡና ይጥዳሉ።

አልፎ አልፎ ዣንጥላው እያለ አጠገቡ የቃለ አጋኖ ምልክት ይታያል። ስልኩና ራውተሩ ተገናኝተዋል፤ ራውተሩ ግን ኢንተርኔት አላገኘም ማለት ነው። ወይ መስመሩ ተቋርጧል፣ ወይ የወሩ ክፍያ አልተከፈለም፣ ወይም ራውተሩ ደክሞታል። ራውተሩን ነቅሎ እስከ ሠላሳ ቆጥሮ መሰካት ሦስተኛውን ይፈታል። አምስት ደቂቃ ቆይቶ ምልክቱ ካልጠፋ ጉዳዩ የልጁ እንጂ የእቴቴ አይደለም፤ ይህንንም ግልጽ አድርጌ ነግሬያቸዋለሁ።

መብራት በጣም የሚቸግርበት ሰፈር ከሆናችሁ ለራውተር የተሠራ ትንሽ ባትሪ ገበያ ላይ አለ። ከመግዛታችሁ በፊት የራውተሩን ቻርጀር ገልብጣችሁ «OUTPUT» ከሚለው አጠገብ ያለውን አንብቡ። የእኛ «12V 1A» ይላል። የቮልቱ ቁጥር ከባትሪው መውጫ ጋር አንድ መሆን አለበት፤ የአምፒር ቁጥሩ በባትሪው ላይ እኩል ወይም በልጦ ቢገኝ ችግር የለውም። ከራውተሩ ሌላ ለፋይበር የሚያገለግል ሣጥን ካለ እሱም ኃይል ይፈልጋል። የአካባቢው የኢንተርኔት መሣሪያ ራሱ መብራት ካጣ ግን ይህ ባትሪ አይረዳም።

የሞባይል ዳታን እያበሩ እያጠፉ መጠቀምን ለእቴቴ አላስተማርኩም። አንዳንዱ ዘመድ ይህ ነፃነት መንፈግ ነው ይለኛል። እኔ ግን አስቀድሞ ዣንጥላውን በእርግጠኝነት መለየት አለባቸው እላለሁ፤ ዳታውን አብርቶ ማጥፋት መርሳት አንድ ቀን ብቻ ይበቃዋል። የግድ በሚሆንበት ቀን ልጁ ያበራል፤ ያን ጊዜም በድምፅ ብቻ ያወራሉ። የድምፅ ጥሪ ከቪዲዮው አንድ አሥረኛ ገደማ ነው የሚወስደው፤ የ20 ደቂቃ የድምፅ ጥሪያችን 10 ሜጋባይት አልሞላም።

ሜሪላንድ ያለችው ልጅ ማወቅ ያለባት

ወዲያኛው ጫፍ ካልተነገረው የእናንተ ሥራ በግማሹ ይቀራል። ለልጅቷ የነገርኳት ሁለት ነገር ነው።

አንደኛው፣ ስትደውል ስክሪኗ ላይ የምታነበው ቃል ነው። «Ringing» ካለ የእናቷ ስልክ እየጮኸ ነው፤ ኩሽና ሆነው ይሆናልና ትጠብቅ። «Calling» ብቻ እያለ ከቀጠለ ስልኩ ከኢንተርኔት ጋር አልተገናኘም፤ መብራት ሄዷል ወይም እናቷ ከቤት ወጥተዋል። ደጋግማ መሞከሯ ምንም አይለውጥም። መደንገጥም የለባትም፤ አሳሳቢ ነገር ካለ በተራ ስልክ ትደውል። ከዚህ በፊት እንዲህ በሆነ ቁጥር ለሦስት ዘመድ ትደውል ነበር።

ሁለተኛው ሰዓቱ ነው። የምትደውለው በምሳ ዕረፍቷ፣ በእነሱ እኩለ ቀን ላይ ነው። በክረምታቸው ይህ በእኛ ከምሽቱ 2 ሰዓት ይሆናል። አሜሪካ ግን በየካቲት መጨረሻ ወይም በመጋቢት መጀመሪያ ሰዓቷን አንድ ሰዓት ታስቀድማለች፤ ከዚያ ጀምሮ የእሷ እኩለ ቀን በእኛ ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው። በጥቅምት መጨረሻ ሳምንት ላይ ተመልሶ 2 ሰዓት ይሆናል። ይህን ያልተነገራቸው እናት ሰዓታቸውን ጠብቀው ሲቀመጡ ጥሪው ካመለጣቸው አንድ ሰዓት አልፎታል። እኛ ሰዓቱ በተለወጠ ቁጥር ቡፌው ላይ ያለውን ወረቀት እንለውጣለን።

ከማይታወቅ ሰው የሚመጣ ጥሪ

ዋትስአፕ ውስጥ «Settings»፣ «Privacy»፣ «Calls» ገብታችሁ «Silence unknown callers» የሚለውን አብሩት፤ ቁጥራቸው ያልተመዘገበ ሰዎች ሲደውሉ ስልኩ አይጮህም። ከዚህ ሌላ ለእቴቴ የነገርኳቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በመልእክት የመጣላችሁን ስድስት አኃዝ ቁጥር ማንም ቢጠይቃችሁ፣ «ልጅሽ ነኝ» ቢልም እንኳ፣ አትንገሩ። በዚያ ቁጥር ሌላ ሰው ዋትስአፓችሁን በራሱ ስልክ ላይ ይከፍተዋል፤ ከዚያ በእናንተ ስም ለዘመድ ሁሉ ገንዘብ ይለምናል።

ከወር በኋላ

ተመልሳችሁ ሂዱና ሦስት ቦታ ተመልከቱ። የመጀመሪያው የሞባይል ዳታው አሁንም መጥፋቱን ነው፤ በኪስ ወይም በቦርሳ ውስጥ ሳይታሰብ ይበራል። ሁለተኛው የዳታ አጠቃቀሙ ገጽ ነው፤ የዋትስአፕ የሞባይል ዳታ ቁጥር ወደ ዜሮ የተጠጋ መሆን አለበት። ካልሆነ የጥሪዎቹን ዝርዝር ከፍታችሁ የትኛው ማታ እንደሆነ ፈልጉ። ሦስተኛው ቀሪ ሒሳቡ ነው፤ የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኛ ከሆኑ *804# ብላችሁ ስትደውሉ ይወጣል።

እኔ ባለፈው ቅዳሜ ሄጄ ነበር። ወረቀቱ ቡፌው ላይ ነው፤ እቴቴ ግን አይመለከቱትም። ከሳምንቱ ጥሪዎች አንዱ 64 ደቂቃ ቆይቶ 340 ሜጋባይት ወስዷል፤ የልጅ ልጃቸው ልደት ነበር። የወሩ የሞባይል ዳታ ወጪ 3 ሜጋባይት ይላል። ጥቅል መግዛቱን ትተነዋል፤ በዚያ ገንዘብ ለራውተሩ ባትሪውን ገዛን።